አራተኛው ፎቅ

ውሉን ልንፈርም የቀረን አንድ ሌሊት ነበር።

ቤቱ አዘዞ መንገድ ላይ፣ አዲስ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ጠባብ በረንዳ። ባለቤቴ መምህር ነው፣ እኔ ነርስ ነኝ። ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው። የምንኖረው ቀበሌ 18፣ ሰው በበዛበት ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነው። ውሃ የምትመጣው ሌሊት ስለሆነ አንዳችን ተነስተን ጀሪካን እንሞላለን። ያንን ቤት መጀመሪያ ያየን ቀን ባለቤቴ ማድ ቤቱ ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው ፈሰሰ። ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። እኔ ያኔ ነው ልቤን የሰጠሁት።

ዋጋው 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው። 200 ሺህ ቀብድ ከፍለናል፤ 900 ሺህ ስንፈርም፣ ቀሪው በሁለት ዓመት። በ900 ሺህው ውስጥ የእኔ እቁብ አለ፣ ቤይሩት ያለችው የባለቤቴ እህት የላከችው አለ፣ አባቴ የሸጡት በሬ አለ፣ የአንገቴ ወርቅ አለ። የጎደለችውን ከመሥሪያ ቤቴ ቁጠባና ብድር ማኅበር ልበደር ጠይቄያለሁ። የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ናት እንግዲህ ነገሩን ያወጣችው። «የግንባታ ፈቃዱን ኮፒ አምጪ» አለችኝ። ለወጉ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

ሻጩን ደውዬ ጠየቅሁት። «ምን ያደርግልሻል እህቴ? ሕንፃው ቆሞ እያየሽው!» አለኝ። ለመንኩት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ጠርዙ ተቆርጧል፣ ማኅተሙ ግን ይታያል። ደስ አለኝ። ለማኅበሩ ልልከው ስል ባለቤቴ «እስቲ ላንብበው» ብሎ ስልኩን ወሰደ። በሁለት ጣቱ አሰፋው። ዝም አለ። ዝም ሲል እፈራለሁ።

«ስንተኛ ፎቅ ነው የእኛ?» አለኝ።

«አራተኛ ነዋ።»

ስልኩን መለሰልኝ። ከግንባታው ዓይነት ትይዩ የተጻፈው ጂ ፕላስ ሁለት ነው።

አልተኛንም። እሱ «ሲተይቡ ተሳስተው ይሆናል» ይላል፤ እኔ «ማሻሻያ አውጥቶ ይሆናል» እላለሁ። ጎህ ሲቀድ በባጃጅ ሄድን። ያፍያፋል። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ምድሩ ሱቅ ነው፣ መዝጊያው ገና አልተከፈተም። አንድ። ሁለት። እዚህ ላይ ጣቴ ቆመ። ከዚያ በላይ ሁለት ወለል አለ። የላይኛው የእኛ ነው። ለመስኮቱ መጋረጃ ለክቼ አሰፍቼ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማዘጋጃ ቤት ደረስን። ፋይሉን ያየችልን ልጅ ደግ ነበረች። ገጹን ሁለቴ ገለጠች፤ ከሦስተኛው ፎቅ ጀምሮ ፈቃድ የለም፣ የማሻሻያ ጥያቄም አልገባም። «ልትገዙ ነው?» አለችን። ስንነግራት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ገና ካልፈረማችሁ ተመስገን በሉ» አለች።

አጎቴ ዕድሜውን በግንባታ የጨረሰ ሰው ነው። ከደጅ ቆመን ደወልኩለት። «መሠረት የሚቆፈረው በላዩ ለሚጫነው ነው፣ ልጄ» አለ። «ለሦስት ወለል ብለው ያሰሉትን ዓምድ አምስት ካሸከሙት፣ ዛሬ ምንም ላይል ይችላል። ስንጥቅ ቆይቶ ነው የሚመጣው።» ይኼ ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ ያሰብኩት ስለ ካርታ ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ልጅ እንደማሳድግ አላሰብኩም ማለት ነው።

ስለ ካርታውም ቢሆን ነገሩ ግልጽ ነው። ፈቃድ የሌለው ወለል በስማችን ሊዞር አይችልም። የሕንፃ አዋጁ ያለ ፈቃድ መገንባትን ይከለክላል፤ አፍርሱ ቢባል ማንን እንከሳለን? አሁን ነው የገባኝ ሻጩ ለምን «ውልና ማስረጃ መሄድ አያስፈልግም፣ ቢሮዬ በሦስት ምስክር እንጨርሳለን፣ ካርታው ሲከፋፈል እንሄዳለን» ይል የነበረው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። እሱ ግን የያዘው የመንደር ውል ነበር። እኛ ደግሞ ሰው አምነን፣ ጥድፊያ ይዞን፣ እሺ ብለን ነበር።

አራት ሰዓት ላይ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ያለው የሻጩ ቢሮ ገባን። ሦስቱ ምስክሮች ተቀምጠዋል፣ ለስላሳ ተከፍቶላቸዋል። ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እስክሪብቶው ላዩ ላይ። ባለቤቴ አልተቀመጠም።

«ሦስተኛና አራተኛው ፈቃድ የለውም» አለ።

ደላላው ወደ መሬት አየ። ያውቅ ነበር። ያ ነው በጣም ያመመኝ፤ «እህቴ፣ እህቴ» እያለ ሦስት ወር ሙሉ ደረጃውን አብሮን የወጣ ሰው ነው።

ሻጩ አልካደም። «እየተስተካከለ ነው። ከተማው ሙሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። ከተዋችሁት ቀብዱ ቀለጠ፣ ሕጉ ነው» አለ።

እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ተናገርኩ። «ሕጉማ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። እኛ እጥፍ አልጠየቅንም። የሌለህን ነው የሸጥክልን። የሰጠንህን መልስልን» አልኩት። አንተ ብዬው አላውቅም ነበር፣ በዕድሜ አባቴን ያህላል። ከምስክሮቹ አንዱ፣ ነጠላ የለበሱ አዛውንት፣ ለስላሳቸውን አስቀምጠው ተነሱ። «እኔ ለዚህ አልተጠራሁም። የልጆቹን ገንዘብ መልስ» አሉት።

ክርክሩ በዚያ ቀን አላለቀም። በእኚሁ አዛውንት ሽምግልና ሦስት ጊዜ ተቀመጥን። 150 ሺህ ተመለሰልን። 50 ሺህ ቀርቷል፤ በጽሑፍ አስፈርመነዋል፣ የሚከፍለው በጥር መጨረሻ ነው። የባለቤቴን እህት ገንዘብ ባንክ አስገባን። አባቴን ስለ በሬው ስነግራቸው «በሬ ይገዛል» አሉኝና ወሬ ቀየሩ።

የመጨረሻውን ወረቀት ተቀብለን ስንወርድ፣ ደላላው ከደረጃው ሥር ሁለት ወጣቶች ይዞ ቆሟል። ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት። ወደ ላይ እያሳየ ስለ በረንዳው ይነግራቸዋል። ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ፣ 50 ሺህው ትዝ ብሎት ነው። እኔም ትዝ ብሎኛል።

«እህቴ» አልኳት፣ «ፈቃዱን አይተሽዋል?»

«ኧረ አላየንም» አለች።

«ጂ ፕላስ ሁለት ነው የሚለው።»

ደላላው ስሜን ጠራ። ልጅቷ ግን አላየችውም። ወደ መንገዱ ወጥታ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ከምድሩ ጀምራ መቁጠር ያዘች።