ተዛምዶ መንስኤ አይደለም፦ የሊኒየር ሪግሬሽን ትምህርት ከስካተር ፕሎት ልምምዶች ጋር

ስኩዌር ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ አውጡ። ካልኩሌተሩ ለጊዜው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። መጀመሪያ ነጥቦቹን በዓይናችን እናያለን፤ ስሌቱ ይደርሳል።

ልምምድ 1፦ ጋቢና ከሰል

ደሴ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሱቆች አሉ እንበል። አንዱ ጋቢ ይሸጣል፤ ሌላው ከሰል። የአምስት ሳምንት ሽያጫቸው ይኸውና። ቁጥሮቹ ለልምምድ የፈጠርናቸው ናቸው፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረናቸዋል።

| ጋቢ (x) | ከሰል በጆንያ (y) |
|---|---|
| 2 | 5 |
| 4 | 8 |
| 6 | 9 |
| 8 | 12 |
| 10 | 16 |

ነጥቦቹን አስቀምጡ። ከዚያ በማስመሪያ፣ ለሁሉም ነጥብ ይቀርባል የምትሉትን መስመር በግምት አስምሩ። አሁን ካልኩሌተር ይውጣ።

የ x አማካይ 6፣ የ y አማካይ 10 ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ስንት እንደሚርቅ ጻፉ፤ ከአማካዩ ካነሰ − ምልክት ይኑረው። የ x ርቀትን በ y ርቀት እያባዛችሁ ደምሩ፤ 52 ይመጣል። የ x ርቀቶችን ስኩዌር ደምሩ፤ 40 ይመጣል። 52 ÷ 40 = 1.3 ነው። ይህ ስሎፑ፣ ማለትም x በ1 ሲጨምር መስመሩ የሚወጣበት መጠን ነው። መነሻው 10 − 1.3 × 6 = 2.2 ይሆናል።

y = 2.2 + 1.3x

የተዛምዶው ጥንካሬ መለኪያ r ደግሞ 0.98 ገደማ ነው፤ ትልቁ 1 ነው። ነጥቦቹ መስመሩን የሙጥኝ ብለዋል ማለት ይቻላል።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። 1.3 ምን ማለት ነው? «አንድ ጋቢ ሲሸጥ 1.3 ጆንያ ከሰል ያሸጣል» ብሎ የጻፈ ይሰርዘው። ትክክለኛው አነጋገር ይህ ነው፦ በአንድ ጋቢ የሚበልጥ ሽያጭ ባለበት ሳምንት የከሰሉም ሽያጭ በአማካይ በ1.3 ጆንያ በልጦ ተገኝቷል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ይመሳሰላሉ፤ የሚሉት ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ጋቢውን አድራጊ ያደርገዋል። የኋለኛው ያየነውን ብቻ ይናገራል።

ባለጋቢው በሚያዝያ ዋጋ ቀንሶ 10 ጋቢ ሸጠ እንበል። መስመሩ 15.2 ጆንያ ከሰል ይላል። በሙቀቱ ወር ማን ይገዛል? ሁለቱንም ሽያጭ ሲያንቀሳቅስ የነበረው ብርዱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ የደሴ ሰው ጋቢም ይገዛል፤ ከሰልም ያነዳል። ከግራፉ አጠገብ «ብርድ» ብላችሁ ጻፉ። ከእሱ አንድ ቀስት ወደ ጋቢ፣ ሌላ ቀስት ወደ ከሰል ሳቡ። ከጋቢ ወደ ከሰል ቀስት ለመሳብ ግን ግራፉ ምክንያት አይሰጠንም። እንዲያውም ጥሩ ጋቢ የደረበ ሰው ከሰል ሊቆጥብ ይችላል፤ ስለዚህ የጋቢው የራሱ ተጽእኖ ከመስመሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ሊሆን ይችላል!

መስመሩ ግን ከንቱ አይደለም። ባለከሰሉ የጎረቤቱን ገበያ አይቶ «በዚህ ሳምንት ስንት ጆንያ ላምጣ?» ብሎ ቢገምትበት ይጠቅመዋል። ለመገመት መንስኤን ማወቅ ግድ አይደለም። አንዱን ነካክቶ ሌላውን ለመለወጥ ግን ግድ ነው።

ለምን ቀድመን ሣልን? የስታቲስቲክስ ሊቁ አንስኮም በ1973 (እ.ኤ.አ.) አራት የቁጥር ስብስቦች አሳይቶ ነበር። የአራቱም መስመር y = 3 + 0.5x ገደማ፣ የአራቱም r 0.82 ገደማ ነው። ሲሣሉ ግን አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የጎበጠ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በአንድ ወጣ ያለ ነጥብ የተጎተቱ ናቸው። ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይነግራችሁም።

ልምምድ 2፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ

ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርዱ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላላችሁ፤ ጃኬት ይወልቃል። በአየር ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት የሁለቱን ከተሞች ልዩነት አስሉ፤ 4 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። እዚህ መንስኤ አለ የምንለው ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስና አየሩ ሲሰፋ ስለሚቀዘቅዝ ነው። አሠራሩን ከፊዚክስ እናውቀዋለን፤ r አልነገረንም። ከፍታን x፣ ሙቀትን y ብትሉም ሆነ ብታቀያይሯቸው r ያው ነው። ደሴን ብናሞቃት ግን ተራራው ዝቅ አይልም።

ልምምድ 3፦ ማጠናከሪያ ትምህርት

እነዚህም የልምምድ ቁጥሮች ናቸው። x በሳምንት የተገኙበት የማጠናከሪያ ሰዓት፣ y የፈተና ውጤት ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ከፍተኛ ያመጡ፦ (0, 78)፣ (1, 82)፣ (2, 86)
ባለፈው ሴሚስተር ዝቅተኛ ያመጡ፦ (2, 50)፣ (3, 54)፣ (4, 58)

ሀ) ስድስቱንም በአንድ ቀለም ሣሉና መስመሩን አስሉ። ስሎፑ −6.8 ይመጣል። «ማጠናከሪያው ልጆቹን እየጎዳ ነውና ይዘጋ» የሚል ወላጅ ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? ማን ወደ ማጠናከሪያ እንደሚላክ አስቡ።

ለ) ሁለቱን ቡድኖች በሁለት ቀለም ሣሉና ለየብቻ አስሉ። አሁን ስሎፑ በሁለቱም +4 ነው።

ሐ) ይህ +4 ራሱ የማጠናከሪያው ውጤት ነው ለማለት ምን ይጎድለናል? ሳይቀሩ የሚመጡት ቤትም የሚያጠኑት ቢሆኑስ? ቀስቶቹን ሳሉ፤ ከዚያ በትምህርት ቤታችን ማን ማጠናከሪያ እንደሚገባ በዕጣ ቢወሰን የትኛው ቀስት እንደሚጠፋ ጽፋችሁ ኑ።