ሞዴሉ ያልነበረ ነገር ከየት ያመጣል? ለሥራ ኢንተርቪው የተዘጋጀ መልስ

የሥራ መደቡ፦ የማሽን ለርኒንግ ኢንጂነር፣ የአማርኛ የደንበኞች አገልግሎት ቻትቦት ቡድን። ሁለተኛ ዙር።

የቋንቋ ሞዴሎች ለምን ሃሉሲኔት ያደርጋሉ፣ ማለትም ያልነበረ ነገር እንደ እውነት ይናገራሉ?

ሞዴሉ በመሠረቱ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ እስካሁን ከተጻፈው ተነስቶ ቀጣዩን ቶክን፣ ማለትም ቀጣዩን ቃል ወይም የቃል ቁራጭ መገመት። የጻፈው እውነት መሆኑን የሚያጣራ የተለየ ክፍል በውስጡ የለም። ብዙ ጊዜ ልክ የሚሆነው ልክ የሆነው ነገር ተደጋግሞ ስለተጻፈ ነው።

በምሳሌ ላሳይ። የዓድዋ ጦርነት መቼ እንደተካሄደ ብንጠይቀው መልሱ በሥልጠና ጽሑፉ ውስጥ ሞልቷል። ግን እዚያም ወጥመድ አለ። የአማርኛ ጽሑፎች የካቲት 23 ቀን 1888 ይላሉ፤ የእንግሊዝኛዎቹ ማርች 1 ቀን 1896። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሞዴሉ ግን ሁለቱንም ስላየ «የካቲት 23 ቀን 1896» ብሎ ሊያዳቅላቸው ይችላል። ሲነበብ ምንም አይጎረብጥም፤ ስህተቱ ግን የስምንት ዓመት ነው።

አሁን ደግሞ በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት መቼ ተመሠረተ እንበለው። ይህ ምናልባት አንዴ ብቻ ተጽፏል፣ ወይም ጭራሽ አልተጻፈም። ሞዴሉ ግን «ትምህርት ቤቱ የተመሠረተው በ» ካለ በኋላ ዓመተ ምሕረት እንደሚከተል በደንብ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ዓመት ይጽፋል። ቅርጹን ያውቀዋል፤ ይዘቱ ነው የሌለው።

ሁለተኛው ምክንያት ምዘናችን ነው፤ እኔ በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ብዙዎቹ ፈተናዎች ለትክክለኛ መልስ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለተሳሳተ መልስም ለ«አላውቅም»ም ዜሮ። ምርጫ ጥያቄ ላይ ባዶ ከመተው መገመት እንደሚያዋጣው ተማሪ ሁሉ፣ ሞዴሉም በድፍረት መገመትን ይለምዳል። የኦፕንኤአይ ተመራማሪዎች በ2025 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ተከራክረዋል።

ጉዳቱ ተራ አይደለም። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች በማስረጃነት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። አማርኛ ላይ ደግሞ የሥልጠና ጽሑፉ ከእንግሊዝኛው በእጅጉ ስለሚያንስ ሞዴሉ ለመገመት የሚገደድበት ቦታ ይበዛል።

ቴምፕሬቸር ምን ይሠራል?

ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ቶክን ሎጂት የሚባል ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ወደ ዕድል የሚቀየረው በዚህ ነው፦

```
p_i = exp(z_i / T) / Σ_j exp(z_j / T)
```

`z` ነጥቡ፣ `p` ዕድሉ፣ `T` ደግሞ ቴምፕሬቸሩ ነው። ለቀላልነት ሦስት ቶክኖች ብቻ አሉ እንበል፤ ነጥባቸው 4፣ 3 እና 2። `T` 1 ሲሆን ዕድላቸው 66.5፣ 24.5 እና 9 በመቶ ገደማ ነው። `T`ን ወደ 0.5 ብናወርደው መሪው 86.7 በመቶውን ይጠቀልላል፤ የመጨረሻው 1.6 ላይ ይቀራል። ወደ 2 ብናወጣው 50.6፣ 30.7 እና 18.6 ይሆናል። ደረጃቸው አልተቀየረም፤ የተቀየረው ክፍተታቸው ነው።

ቶፕ-ፒ ደግሞ ምን ይሠራል?

ቶፕ-ፒ ጭራውን ይቆርጣል። ቶክኖቹን ከትልቁ ዕድል ጀምሮ ይደምርና ድምሩ የተሰጠው ገደብ ላይ ሲደርስ ያቆማል። የቀሩት ይጣላሉ፤ የተመረጡት ዕድል ድምሩ 1 እንዲሆን እንደገና ይሰላል። ገደቡ 0.9 ከሆነ፣ በ`T` 1 የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 91 በመቶ ስለሚሞሉ ሦስተኛው ይወጣል። በ`T` 2 ግን ሁለቱ 81 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ሦስተኛውም ይገባል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሞዴሉ እርግጠኛ ሲሆን ምርጫው ይጠባል፣ ሲያመነታ ይሰፋል። ቴምፕሬቸርንና ቶፕ-ፒን አንድ ላይ መነካካት ውጤቱን ለመረዳት ስለሚያስቸግር እኔ አንዱን አስሬ ሌላውን ነው የምሞክረው።

ታዲያ ቴምፕሬቸርን ዜሮ ብናደርገው ሃሉሲኔሽን ይጠፋል?

አይጠፋም። ዜሮ ማለት ሁልጊዜ ከፍተኛ ዕድል ያለውን ቶክን መውሰድ ነው። ሞዴሉ ውስጥ መሪው ግምት ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ያንኑ ስህተት ደጋግሞ ይነግረናል። ከፍ ያለ ቴምፕሬቸር ደካማ ቶክኖች እንዲመረጡ በር ስለሚከፍት ስህተት ሊጨምር ይችላል፤ ዝቅ ማድረግ ግን ያልነበረ እውቀት አያመጣም።

ለዚህ ቻትቦት ዝቅተኛ ቴምፕሬቸር እመርጣለሁ፤ ለማስታወቂያ ጽሑፍ ቢሆን ከፍ አደርገው ነበር። ዋናውን ሥራ ግን ሌላ ቦታ ላይ እሠራዋለሁ። ደንበኛው ስለ አገልግሎት ክፍያ ሲጠይቅ መጀመሪያ የድርጅቱ የታሪፍ ሰነድ ይፈለጋል፤ ሞዴሉም ከዚያ ላይ እንዲመልስ ይደረጋል። ሰነዱ ላይ ከሌለ ጥያቄውን ወደ ሰው ያስተላልፋል። ስንመዝነውም ለተሳሳተ መልስ ነጥብ እንቀንሳለን፤ «አላውቅም» ሲል አንቀንስም።