የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ

ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም

ለፋብሪካው የሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያ
ሰበታ

ጉዳዩ፦ ለፕሮዳክሽን ኢንጂነር የሥራ መደብ ማመልከትን ይመለከታል

ሐምሌ 7 ቀን ባወጣችሁት ክፍት የሥራ ቦታ ለመወዳደር አመለክታለሁ። ዘንድሮ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ።

የአራት ወር የተግባር ልምምዴን ያደረግሁት በሰዓት 12,000 ጠርሙስ በሚያመርት የውሃ ማሸጊያ መስመር ላይ ነው። የመስመሩን መቆም በደቂቃና በምክንያት እመዘግብ ነበር። በዚህ ፍጥነት አንድ ደቂቃ 200 ጠርሙስ ነው። መዝገቡ ሲደመር ብዙውን ጊዜ የሚበላው ትልቅ ብልሽት ሳይሆን የሌብል ማሽኑ የሁለትና የሦስት ደቂቃ ተደጋጋሚ መቆም ሆኖ ተገኘ። መንስኤው ሮለሩ ላይ የደረቀ ሙጫ ስለነበር በፈረቃ መለወጫ የአምስት ደቂቃ ጽዳት እንዲገባ ሐሳብ አቅርቤ ተሠርቶበታል። የጠርሙስ ግድግዳ ውፍረት ሲዛባ ግፊቱን ከመነካካት በፊት የተቃጠለ የማሞቂያ መብራት መኖሩን ማየት እንደሚገባ ደግሞ ከኦፕሬተሮቹ ተምሬያለሁ።

በሶሊድወርክስ እስላለሁ፣ የምርት መረጃ በኤክሴል አደራጃለሁ። የፒኤልሲ ፕሮግራም አነባለሁ፤ መጻፉ ግን ይቀረኛል። የሌሊት ፈረቃ መሥራት እችላለሁ።

የትምህርት ማስረጃዬንና የልምምድ ሪፖርቴን 14 ገጽ አድርጌ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ዮናስ ታደሰ