ትናንት ባይሆን ኖሮ ዛሬ፦ የ12ኛ ክፍል የቅዳሜ ቱቶሪያል ወረቀት ከነመልሱ

ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ሳይለቅ ሁላችሁም አንድ ቦታ ላይ ወደቃችሁ። ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም፣ የአማርኛችንም ነው። «ቁርስ ብትበላ ኖሮ አይርብህም ነበር» ብንል፣ የራበው መቼ ነው? ትናንት ሊሆን ይችላል። አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ሆዱ የሚጮኸውም ሊሆን ይችላል። የእኛ «ነበር» ሁለቱንም ይሸከማል። እንግሊዝኛው ግን ግሱን ይለያል። ለትናንቱ ረሃብ «ዉድንት ሃቭ ቢን ሃንግሪ» ነው፣ ለአሁኑ «ዉድንት ቢ ሃንግሪ»።

የዛሬው ሥራ ሁለተኛው ነው፦ ምክንያቱ ያለፈ፣ ውጤቱ አሁን ያለ። በ«ኢፍ» በኩል «ሃድ» እና የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ ይገባል። በውጤቱ በኩል «ዉድ» እና ራቁቱን የቆመ ግስ። አለቀ።

ትእዛዝ፦ ከታች ያሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች በ«ኢፍ» አንድ አድርጉ። ትርጉሙ እንዳይለወጥ። የሆነውን «ባይሆን»፣ ያልሆነውን «ቢሆን» አድርጉት። እንግሊዝኛውን በእኛ ፊደል የጻፍኩት ጮክ ብላችሁ እንድታነቡት ነው። ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል ገልብጡት፣ ስፔሊንግም አርማለሁ።

1. ትናንት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስልክ ላይ አመሸሁ። አሁን እንቅልፌ መጥቷል።

መልስ፦ ኢፍ አይ ሃድንት ስቴይድ አፕ ሌት፣ አይ ዉድንት ቢ ስሊፒ ናው።

ይህን ስጽፍ የማን ፊት እንደታየኝ ባለቤቱ ያውቃል። ብዙዎቻችሁ «ኢፍ አይ ዉድንት ሃቭ ስቴይድ» ብላችኋል። በ«ኢፍ» በኩል «ዉድ» አታስገቡ። ቤቱ ማዶ ነው።

2. ሐሊማ ካፖርቷን ኮምቦልቻ ረስታ መጣች። አሁን ደሴ አራዳ ቆማ እየተንቀጠቀጠች ነው።

መልስ፦ ኢፍ ሐሊማ ሃድንት ፎርጎተን ኸር ኮት፣ ሺ ዉድንት ቢ ሺቨሪንግ ናው።

ከኮምቦልቻ ስትወጡ ሙቀት ነው፣ ደሴ ስትደርሱ የጦሳ ብርድ ይቀበላችኋል። የኮምቦልቻ ልጆች ይህን መልስ ለማግኘት ማሰብም አላስፈለጋቸውም። ልብ በሉ፣ አማርኛው «እየተንቀጠቀጠች ነው» ስለሚል ከ«ቢ» በኋላ «ኢንግ» ጨመርን። «ሺ ዉድንት ሺቨር» ብትሉ «አሁን በዚህ ሰዓት» የሚለው ስሜት ይጠፋል።

3. ያሲን የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን አላለፈም። አሁንም የሚኒባስ ረዳት ነው።

መልስ፦ ኢፍ ያሲን ሃድ ፓስድ ዘ ድራይቪንግ ቴስት፣ ሂ ዉድንት ስቲል ቢ ኧን አሲስታንት።

እዚህ ያለፈው ነገር «አልሆነም» ነው የሚለው። ስለዚህ «ኢፍ» ውስጥ አሉታው ይወድቃል፦ «ሃድ ፓስድ»። «ሃድንት ፓስድ» ያላችሁ ልጁን ፈተና አሳልፋችሁ ረዳት አስቀራችሁት። «ሂ ዉድ ቢ ኤ ድራይቨር ናው» ያለ ተማሪ አለ። አመክንዮው ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉ ማርክ አልሰጠሁትም። ወረቀቱ ሹፌር ነው አላለም። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ መኪና ያገኛል እንዴ?

4. የእትዬ ዘሀራ ምጣድ ትናንት ተሰበረ። ዛሬ እንጀራ መጋገር አይችሉም።

መልስ፦ ኢፍ እትዬ ዘሀራስ ምጣድ ሃድንት ብሮከን የስተርዴይ፣ ሺ ኩድ ቤክ እንጀራ ቱዴይ።

«ዉድ» ብቻ አይደለም መንገዱ። «መቻል» ሲኖር «ኩድ» ይበቃል። «ዉድ ቢ ኤብል ቱ ቤክ» ብትሉም ትክክል ነው፣ ይረዝማል እንጂ። ምጣድ ምን ይባላል ብላችሁ አትጨነቁ፣ ምጣድ ምጣድ ነው። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ እሳቸውን ሺ ማለት ነውር አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ። እንግሊዝኛው አንቱታ አያውቅም፣ ምን ይደረግ። እትዬ ዘሀራ አይሰሙንም።

5. ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ አይጠየፍን አሠሩ። ስለዚህ ዛሬ ከተማዋ አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ አላት።

መልስ፦ ኢፍ ንጉሥ ሚካኤል ሃድንት ቢልት አይጠየፍ፣ ደሴ ዉድንት ሃቭ ኤ ሆል ዊዝ ዛት ኔም ቱዴይ።

«ሃቭ» እዚህ ዋና ግስ ነው፣ «አላት» ማለት ነው። «ዉድንት ሃቭ» ባያችሁ ቁጥር ያለፈ ጊዜ ነው ብላችሁ አትሩጡ። ቀጥሎ ሦስተኛ ቅርጽ ካለ ያለፈ ነው፣ ስም ካለ የዛሬ ነው።

6. ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ተማረኩ።

መልስ፦ ኢፍ ንጉሥ ሚካኤል ሃድንት ሎስት ኧት ሰገሌ፣ ሂ ዉድንት ሃቭ ቢን ካፕቸርድ።

ይቺ ወጥመድ ናት፣ ሆን ብዬ ነው ያስገባኋት። ሽንፈቱም ምርኮውም የ1909 ነው፣ ዛሬ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ድብልቅ አይደለችም፣ ሁለቱም ወገን ያለፈ ነው። ከሃያ ሁለታችሁ አሥራ አንዳችሁ «ዉድንት ቢ ካፕቸርድ ናው» ብላችኋል። ንጉሡን እስከ ዛሬ እስር ቤት አቆያችኋቸው ማለት ነው! ከመጻፋችሁ በፊት ውጤቱን ጣታችሁን አስቀምጡበትና «ይህ አሁንም አለ?» በሉ። አለ ካላችሁ «ዉድ ቢ»። አልፏል ካላችሁ «ዉድ ሃቭ»።

7. አባቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አገኘ። አሁን የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። (በ«ዊ ዉድንት» ጀምሩ።)

መልስ፦ ዊ ዉድንት ሊቭ ኢን ኮምቦልቻ ናው ኢፍ ማይ ፋዘር ሃድንት ጎት ኤ ጆብ ኧት ዘ ቴክስታይል ፋክተሪ።

ውጤቱ ሲቀድም ኮማው ይጠፋል። ሌላ የሚለወጥ የለም። «ዊ ዉድንት ቢ ሊቪንግ» ማለትም ይቻላል።

8. ከራሳችሁ ሕይወት አንድ ጻፉ።

እዚህ ላይ ነው ደስ ያለኝ። ብዙው «ባጠና ኖሮ» ነው፣ እሱን ሰልችቼዋለሁ። አንድ ልጅ ግን እንዲህ ጻፈ፦

ኢፍ ማይ ግራንድማዘር ሃድንት ሶልድ ኸር ካው፣ አይ ዉድንት ቢ ኢን ዚስ ክላስ።

አያቴ ላሟን ባትሸጥ ኖሮ እዚህ ክፍል ውስጥ አልኖርም ነበር። ሰዋስዉ አንድ ነጥብ አይጎድለውም። «ናው» የለም፣ ግን «ዚስ ክላስ» ሥራውን ሠርቶለታል። ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ፦ 8ኛውን እንደገና ጻፉ፣ ሁለት ሁለት። አንዱ አሉታ ከነበረ እውነታ ይነሳ፣ እንደ ያሲን። ሌላው ከሆነ ነገር፣ እንደ ሐሊማ ካፖርት። ሐሊማ ራስሽ ግን ካፖርትሽን ይዘሽ ነይ።