ዳሽቦርዱ የሚታደስበት ሰዓት እና እድሳቱ ሲዘገይ ምን ማለት እንደሆነ

ለ፦ ምርት፣ መጋዘን፣ ሽያጭና ስርጭት፣ ግዢ፣ ጥገና እና ጥራት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊዎች
ከ፦ መረጃ ሥርዓት ክፍል፣ ገላን ዱቄት ፋብሪካ
ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዳሽቦርዱን ስትከፍቱ ከቁጥሮቹ በፊት ከላይ በቀኝ በኩል «የመጨረሻ እድሳት» የሚለውን ሰዓት እዩ። ከሥሩ ያለው ሁሉ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በሲስተሙ የተመዘገበውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሰዓቱ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 6 ቀንሱለት፤ 13:41 ካለ ከቀኑ 7:41 ነው። ከ19:00 ጀምሮ ላለው ደግሞ 18 ቀንሱ፤ 19:41 ምሽት 1:41 ይሆናል።

እድሳት የሚጀመርባቸው ሰዓቶች ስምንት ናቸው፦ ጠዋት 1:30፣ 3:30 እና 5:30፣ ከቀኑ 7:30፣ 9:30 እና 11:30፣ ምሽት 1:30 እና ማታ 5:30። «በየሰዓቱ ይሁንልን» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ መጥቷል። አሁን ያለን የፓወር ቢአይ ፈቃድ በቀን ከስምንት በላይ በፕሮግራም የሚሠራ እድሳት አይሰጥም፤ ስለዚህ ያለንን ስምንት በሚጠቅመው ሰዓት ላይ ነው ያስቀመጥነው። ፈረቃ የሚቀየረው ጠዋት 1:00፣ ከቀኑ 9:00 እና ማታ 5:00 ነው። ግማሽ ሰዓት ያቆየነው የፈረቃ ኃላፊው የወጣውን ዱቄትና ፉርሽካ መዝግቦ እንዲጨርስ ነው።

1:30 ማለት ግን ቁጥሩ ልክ በ1:30 ይቀየራል ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ እድሳቱ ከተያዘለት ሰዓት በ15 ደቂቃ ውስጥ ይነሳል፤ በኢንተርኔት በኩል ያለው አገልግሎት ሲጨናነቅ እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ከተነሳ በኋላ የእኛን ዳታ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ «ዘግይቷል» የምንለው ከተያዘው ሰዓት 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ አልፎ «የመጨረሻ እድሳት» ካልተቀየረ ነው። ከዚያ በፊት መደወል አያስፈልግም። በገጹ ላይ ያለውን የማደሻ ምልክት ደጋግሞ መጫንም ትርፉ ድካም ነው፤ እሱ ገጹን እንደገና ይሥለዋል እንጂ ከፋብሪካው ሰርቨር አዲስ ዳታ አያመጣም።

የዘገየ እድሳት ማለት ቁጥሩ ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ አሮጌ ነው ማለት ነው። የጠፋ ዳታም የለም። ምዝገባው ግቢያችን ውስጥ ባለው ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት ቢቋረጥም መዝጋቢዎች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ያመለጠ እድሳት ተመልሶ አይሠራም፤ የሚቀጥለው ሲሳካ ግን በመሃል የተመዘገበውን በሙሉ ይዞ ይመጣል።

ጉዳቱ የሚመጣው በአሮጌ ቁጥር ላይ ሲወሰን ነው። ለምሳሌ ሰዓቱ ከቀኑ 9:00 ነው፤ «የመጨረሻ እድሳት» 11:41 ይላል፣ የፊኖ ዱቄት ክምችት 640 ኩንታል ያሳያል። የ7:30ው አልሠራም ማለት ነው። ከጠዋቱ 5:41 በኋላ ሁለት መኪና እያንዳንዳቸው 200 ኩንታል ጭነው ወጥተው ከሆነ መጋዘን ውስጥ ያለው 240 ኩንታልና በመሃል የተመረተው ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት ስርጭት ክፍል 500 ኩንታል የጭነት ማዘዣ ቢቆርጥ መኪናው መጋዘን በር ላይ ቆሞ ያድራል። እድሳት በዘገየ ጊዜ የጭነት ማዘዣ የሚቆረጠው መጋዘኑ ተደውሎለት ከቢን ካርዱ በሚነበበው ቁጥር ነው፤ የስንዴ መጠን ደግሞ ከመኪና ሚዛኑ የዕለቱ ቲኬቶች ጋር ይመሳከር። የወር አዝማሚያንና የዕቅድ አፈጻጸምን ለማየት ግን የሁለትና የሦስት ሰዓት መዘግየት ምንም አይለውጥም፤ ስብሰባ አትሰርዙ።

«ዛሬ» የሚለው ገጽ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጠዋቱ እድሳት ካልተሳካ ገጹ ባዶ ይሆናል፤ ያ ወፍጮው ቆሟል ማለት አይደለም፣ የዛሬ ቀን ያለበት መዝገብ ገና አልደረሰውም እንጂ። በተጨማሪም ፓወር ቢአይ «ዛሬ»ን የሚቆጥረው ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6:00 እስከ 9:00 «ዛሬ» የሚያሳየው ትናንትን ነው። የሌሊት ፈረቃ ኃላፊዎች ይህን ይወቁት።

እድሳት የሚዘገይባቸው የተለመዱ ምክንያቶች እነዚህ ናቸው። ዋናው መብራት ነው። ዳታውን ወደ ኢንተርኔት የሚያሻግረው ኮምፒውተር አስተዳደር ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ዩፒኤሱ ከ20 ደቂቃ በላይ አይችልም። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ለወፍጮው ብቻ ተነስቶ የአስተዳደሩ መስመር ካልተከፈተ ምርት እየቀጠለ ዳሽቦርዱ ይቆማል። የጥገና ተረኞች ያንን መስመር በ15 ደቂቃ ውስጥ እንዲከፍቱ እንጠይቃለን። ሁለተኛው የኢንተርኔት መቋረጥ ነው፤ በዚህ ላይ ከእኛ እጅ የሚሠራ ብዙ የለም።

ሦስተኛው ከእናንተ ጋር የተያያዘ ነው። የሽያጭ ዕቅድና የጥራት ውጤት የሚመጡት ከኤክሴል ፋይሎች ነው። የአንድ አምድ ስም ከተቀየረ፣ ለምሳሌ «ኩንታል» የነበረው «መጠን» ከተባለ፣ ወይም ፋይሉ ወደ ሌላ ፎልደር ከተዛወረ፣ የሚቆመው የዚያ ክፍል ገጽ ብቻ አይደለም። እድሳቱ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሳካል ወይ ሙሉ በሙሉ ይከሽፋል፤ የሽያጭ ፋይል ስለተነካ የምርት ገጽም በአሮጌ ቁጥር ይቀራል። አምድ መጨመር ይቻላል፤ ስም መቀየርና ፋይል ማዛወር ግን ከአንድ ቀን በፊት ለእኛ ተነግሮ ይሁን።

እድሳቱ በተከታታይ አራት ጊዜ ከከሸፈ ፓወር ቢአይ ፕሮግራሙን ራሱ ያጠፋዋል፤ መብራት ቢመለስም ሰው ገብቶ እስኪያበራው ድረስ አይነሳም። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው እሑድ ቢሮ ተዘግቶ መብራት ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ጠዋት 1:00 ላይ የእኛ ባለሙያ ፕሮግራሙን ያያል፤ ጠፍቶ ካገኘውም ያበራዋል።

አንድ ነገር ከመዘግየት ጋር ይምታታል። «የመጨረሻ እድሳት» ትክክለኛውን ሰዓት እያሳየ የአንድ ክፍል ቁጥር ብቻ ካልተንቀሳቀሰ እድሳቱ ሠርቷል፤ የዘገየው ምዝገባው ነው። የፈረቃው ምርት 1:50 ላይ ቢመዘገብ የሚታየው ከ3:30ው እድሳት በኋላ ነው። የገቢ ደረሰኝ በወረቀት ተቆርጦ ሲስተም ውስጥ ካልገባም ስንዴው ግቢ ውስጥ እያለ ዳሽቦርዱ አያውቀውም። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የራሳችሁን መዝጋቢ ጠይቁ፤ ከእኛ ዘንድ የሚስተካከል ነገር የለም።

መዘግየት ሲኖር በክፍል ኃላፊዎች የቴሌግራም ግሩፕ እናሳውቃለን። መልእክቱ ይህን ይመስላል፦ «የ7:30ው እድሳት አልተሳካም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው እስከ ጠዋቱ 5:41 የተመዘገበው ነው። ምክንያት፦ የአስተዳደር ሕንፃ መብራት። ቀጣይ ሙከራ 9:30።» ገደቡ አልፎ እንዲህ ያለ መልእክት ካላያችሁ በውስጥ ስልክ 214 ደውሉ፤ ከምሽቱ 1:00 በኋላ ደግሞ በዚያው ግሩፕ ጻፉ። ስትደውሉ «የመጨረሻ እድሳት» የሚያሳየውን ሰዓትና የትኛው ገጽ ላይ እንዳያችሁት ንገሩን። «ዳሽቦርዱ አይሠራም» ብቻ ከተባልን መልሰን የምንጠይቃችሁ እነዚህኑ ሁለቱን ነው።