ሥራ ልትገቢ ነው? ስለ ጡት ወተት ማለብና ማስቀመጥ
ለሠራተኛ እናቶች፤ ከጤና ጣቢያችን የእናቶችና ሕፃናት ክፍል

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በሳምንት 6 ቀን የምትሠሪ ከሆነ 15 ሳምንት ገደማ ነው፤ 5 ቀን ከሆነ 18። ልጅሽ ደግሞ 6 ወር እስኪሞላው ከጡት ወተት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ውሃም ቢሆን። በመሃል ከ8 እስከ 11 ሳምንት ይቀራል ማለት ነው። ብዙ እናቶች የቆርቆሮ ወተት የሚጀምሩት እዚህ ጋ ነው። ሳትጀምሪ ማለፍ ትችያለሽ።

ሥራ ከመግባትሽ 2 ሳምንት በፊት ጀምሪ

የ14 ሳምንቱን ክትባት ልታስከትቢ ስትመጪ ማለብ መለማመድ ብትጀምሪ ጥሩ ጊዜ ነው፤ በ15 ሳምንት የምትገቢ ከሆነ ግን ትንሽ ቀደም በዪ። ጠዋት ልጁ ከጠባ በኋላ እለቢ፤ ብዙ እናቶች ወተታቸው የሚበዛው ጠዋት ነው። በመጀመሪያው ቀን የሲኒ ቂጥ የማይሸፍን ቢወጣ አትደንግጪ። ማለብ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። የሚታለበው መጠንም ጡትሽ ውስጥ ስንት እንዳለ አይናገርም፤ ልጅ ከእጅም ከፓምፕም የተሻለ ይስባል።

በዚሁ ጊዜ አለቃሽን አናግሪ። «በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በር የሚዘጋ ክፍል እፈልጋለሁ» በያቸው። ስብሰባ ክፍልም መጋዘንም ይሆናል። ሽንት ቤት ግን አይሆንም፤ እዚያ ምሳውን የሚበላ ሰው የለም፣ የልጅሽም ምግብ እዚያ አይዘጋጅም። መሥሪያ ቤትሽ የሕፃናት ማቆያ እንዳለውም ጠይቂ። ካለው፣ ወይም ቤትሽ ቅርብ ከሆነና በምሳ ሰዓት ደርሰሽ ማጥባት ከቻልሽ፣ ከማለብ ሁሉ ይሻላል።

በእጅ እንዴት ይታለባል?

ፓምፕ ካለሽ ጥሩ። ከሌለሽ እጅሽ ይበቃል፤ ገንዘብም መብራትም አይጠይቅም።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። አፉ ሰፊ የሆነ፣ ክዳን ያለው የብርጭቆ ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ በሳሙና እጠቢና በፈላ ውሃ አጽጂው። ጡትሽን በሞቀ ጨርቅ ያዢው፣ ቀስ እያልሽ እሺው። የልጅሽን ፎቶ ማየት ወይም ልብሱን ማሽተት ወተቱ እንዲወርድ ይረዳል፤ መጣደፍና መጨነቅ ደግሞ ይይዘዋል።

አውራ ጣትሽን ከጡት ጫፍ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ ከላይ፣ ጠቋሚ ጣትሽን ትይዩ ከታች አድርጊ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ገፋ አድርጊ፣ ከዚያ ሁለቱን ጣቶች ጫን፣ ከዚያ ልቀቂ። ጫን፣ ልቀቅ፣ ጫን፣ ልቀቅ። ለአንድ ሁለት ደቂቃ ምንም ላይመጣ ይችላል። ጣትሽን ቆዳው ላይ አታንሸራትቺ፣ ጫፉንም አትጭመቂ፤ ካመመሽ አያያዙ ልክ አይደለም። ጣቶችሽን በጡቱ ዙሪያ እያዞርሽ ከሁሉም በኩል እለቢ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በኋላ ሲቀንስ ወደ ሌላው ጡት ሂጂ፣ ከዚያ ተመለሺ።

ስንት ሰዓት ይቆያል?

ሌላው ቢረሳሽ እነዚህን ቁጥሮች ያዢ።

- ፍሪጅ ሳይገባ፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል፦ 4 ሰዓት። ከዚያ በላይ ሙቀት ካለ ቶሎ ይበላሻል።
- በረዶ ያለው ኩለር ቦርሳ ውስጥ፦ እስከ 24 ሰዓት
- ፍሪጅ ውስጥ፦ እስከ 4 ቀን
- በደንብ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ፦ 6 ወር ገደማ
- ከበረዶ ከቀለጠ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ፦ 24 ሰዓት። ወደ ፍሪዘር አይመለስም።
- ልጁ ጠጥቶ የተረፈ፦ 2 ሰዓት፤ ከዚያ ይደፋል

ፍሪጅ በር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገሽ አስቀምጪው። ዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፊና ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ፤ ቀድሞ የታለበው ቀድሞ ይወጣል። በአንድ ዕቃ ብዙ አትሙዪ፤ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን፣ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር፣ ለየብቻው አድርጊ። ወተቱ ሲቀመጥ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል። አልተበላሸም፤ ዕቃውን ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ይመልሰዋል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺ። ተዘግቶ እስከ 4 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪዘር ውስጥ የነበረው ወተት አሁንም በረዶ ካለበት መብራት ሲመጣ መልሶ መቀዝቀዝ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ እንደ ቀለጠ ወተት ቁጠሪው።

ሥራ ቦታ ፍሪጅ ከሌለስ? ሃይላንድ ላይ ውሃ ሞልተሽ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ከወተቱ ዕቃ ጋር ኩለር ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። በረዶውም ከሌለና 4 ሰዓት ካለፈ ወተቱን ድፊው። መድፋት ያንገበግባል፣ እናውቃለን። ቢሆንም ማለብሽን አታቁሚ፤ ጡት ካልታለበ ነገ የሚሠራው ይቀንሳል።

ቤት ለምትጠብቀው ሰው

ሞግዚትም ትሁን እናትሽ ወይም አማትሽ፣ ሥራ ከመግባትሽ በፊት ጥቂት ቀን አብራችሁ ሞክሩት። አንቺ ቤት ካለሽ ልጁ ከሌላ ሰው እጅ እምቢ ሊል ይችላል፤ ወጣ በዪ።

ወተቱ እሳት ላይ አይጣድም፣ ማይክሮዌቭም አይገባም። ዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጠብታውን እጅ አንጓ ላይ ሞክሮ ለብ ማለቱን ማየት ነው። በጡጦ ፋንታ በትንሽ ንጹሕ ኩባያ ወይም በማንኪያ ይጠጣ። ጡጦን አጽድቶ መያዝ ከባድ ነው፣ አንዳንድ ልጅም ጡጦ ከለመደ ጡት ላይ ያስቸግራል። ልጁ ቀና ብሎ ተቀምጦ ራሱ ይሳብ እንጂ አፉ ውስጥ አይፈስበት። አንቺ በማትኖሪበት በየሰዓቱ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብለሽ አስቢ፤ 10 ሰዓት ከቆየሽ 300 ሚሊ ሊትር፣ በ3 ወይም በ4 ጊዜ ተከፍሎ።

«ሙቀት ነው፣ ትንሽ ውሃ ቢቀምስ» የሚል ይመጣል። በአክብሮት እምቢ በዪ። የጡት ወተት ውሃው በቂ ነው።

ወተትሽ እንዳይቀንስ

ጡት ወተት የሚሠራው ባዶ ሲደረግ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት አጥቢ። ሥራ ላይ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ እለቢ። 2 ሰዓት ተኩል ከገባሽ በ4 ሰዓት ተኩል፣ በምሳ ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 9 ሰዓት ተኩል። የታክሲ ሰልፍ የሚያስመሽሽ ከሆነ ከመውጣትሽ በፊትም ትንሽ ጨምሪ። ቤት እንደገባሽ ከሁሉ በፊት አጥቢ። ሞግዚቷ በመጨረሻው ሰዓት ብዙ እንዳታጠጣው ደውለሽ ንገሪያት፣ ርቦት ይጠብቅሽ።

ሌሊት ማጥባትን አትተይ። ወተት የሚያሠራው ሆርሞን የሚበዛው ሌሊት ነው፤ ቀን የተራራቃችሁትንም ልጁ ሌሊት ያካክሳል። እሑድ ቀኑን ሙሉ ከጡት ብቻ ይጥባ።

አጥሚት ጠጪ፣ ደህና ብዪ፣ ውሃ ሲጠማሽ ጠጪ። አጥሚት ያጠነክርሻል፤ ያልታለበ ጡትን ግን አይሞላም።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ማጥባትን እንደ ወሊድ መከላከያ ስትጠቀሚበት ከነበረ፣ ቀን ላይ ከ4 ሰዓት በላይ ሳታጠቢ መዋል ስትጀምሪ እምነት አይጣልበትም። ከመግባትሽ በፊት ነይና ለአጥቢ እናት የሚሆነውን ምረጪ። አንዳንዱ ኪኒን ወተት ስለሚቀንስ ከጓደኛሽ ተቀብለሽ አትዋጪ።

መቼ ልምጣ?

ጡትሽ ቀልቶ ካበጠና ካተኮሰሽ በዚያው ቀን ነይ፤ እስከዚያው ማጥባቱን አታቋርጪ። ልጁ በ24 ሰዓት ከ6 ጊዜ ያነሰ ከሸና ወይም ክብደቱ አልጨምር ካለም ነይ። ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖሪ ከሆነ መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ስለ ማጥባቱ ከክትትል ክፍልሽ ጋር ተነጋገሪ።

ረቡዕና ዓርብ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ ክፍል 7፣ ከክትባት ክፍሉ አጠገብ፣ በእጅ ማለብን እናሳያለን። ክፍያ የለውም። ልጅሽን የምትጠብቀውንም ይዘሻት ነይ።