የጀርመንኛ ቅጽል መድረሻ፦ ከአርቲክል በኋላና ያለ አርቲክል

የጀርመንኛ ቅጽል መድረሻው የሚለወጠው ከስም በፊት ሲመጣ ነው። «ዴር ካፌ ኢስት ጉት» (ቡናው ጥሩ ነው) ስንል «ጉት» ምንም አይጨመርበትም፤ «ዴር ጉተ ካፌ» (ጥሩው ቡና) ስንል ግን «ጉተ» ይሆናል።

የመድረሻዎቹን ሠንጠረዥ ከመሸምደዳችሁ በፊት የራሳችንን ቋንቋ አስተውሉ። «ቤቱ» ስንል እርግጠኝነትን የሚያሳየው «ኡ» በስሙ ላይ ነው፤ ቅጽል ሲጨመር ግን ወደ ቅጽሉ ተሻግሮ «ትልቁ ቤት» ይሆናል እንጂ «ትልቁ ቤቱ» አይባልም። በጀርመንኛም የጾታና የሙያ ምልክት ከስሙ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በግልጽ መታየት ይኖርበታል፤ አርቲክሉ ካሳየው ቅጽሉ ያርፋል፣ አርቲክሉ ካላሳየው ቅጽሉ ይሸከመዋል። ሙያ የምንለው ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሚና፣ ማለትም ኖሚናቲቭ፣ አኩዛቲቭ፣ ዳቲቭ ወይም ጌኒቲቭ መሆኑን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የስሙን ጾታና ሙያ ለዩ፣ ቀጥሎ አርቲክሉን ተመልከቱ።

ከእርግጠኛው አርቲክል በኋላ ሥራው ቀላል ነው። ዴር፣ ዲ እና ዳስ ምልክቱን ስለያዙ ቅጽሉ ሁለት መድረሻ ብቻ አለው። በነጠላ ቁጥር በኖሚናቲቭ ለሦስቱም ጾታዎች፣ በአኩዛቲቭ ደግሞ ለአንስታይና ለገለልተኛ ጾታ «ጉተ» እንላለን። ከእነዚህ አምስት ቦታዎች ውጭ ባለው ሁሉ፣ ብዙ ቁጥርን ጨምሮ፣ «ጉተን» ነው፦ «ኢሽ ትሪንከ ዴን ጉተን ካፌ» (ጥሩውን ቡና እጠጣለሁ)።

ኢእርግጠኛው አርቲክል «አይን» በሦስት ቦታ ምልክት ይጎድለዋል፦ በተባዕታይ ኖሚናቲቭ፣ በገለልተኛ ኖሚናቲቭና አኩዛቲቭ። የዴር «ር» እና የዳስ «ስ» ወደ ቅጽሉ የሚሻገሩት እዚህ ነው፦ «አይን ጉተር ካፌ»፣ «አይን ግሮሰስ ሃውስ» (አንድ ትልቅ ቤት)። በቀሩት ቦታዎች ቅጽሉ ከእርግጠኛው አርቲክል በኋላ እንደሚሆነው ነው፦ «ሚት አይነም ጉተን ካፌ»። «ካይን» እና «ማይን»ም በዚሁ ሕግ ይሄዳሉ።

አርቲክል ከሌለ ቅጽሉ የእርግጠኛውን አርቲክል መድረሻ ራሱ ይወስዳል። ዴር «ጉተር ካፌ»ን፣ ዴን «ጉተን ካፌ»ን፣ ዴም ደግሞ «ሚት ጉተም ካፌ»ን ይሰጣል። «ሚት ጉተር ዙፐ» (ከጥሩ ሾርባ ጋር) የሚለው ብዙ ተማሪ ያደናግራል፤ ዙፐ አንስታይ ሆና ሳለ «ር» የመጣው በዳቲቭ «ዲ» ወደ «ዴር» ስለሚለወጥ ነው። ከሕጉ የሚወጣው የተባዕታይና የገለልተኛ ጌኒቲቭ ብቻ ነው፤ በዚያ ስሙ ራሱ «ስ» ስለሚጨምር ቅጽሉ «ጉተን» ይሆናል፦ «ጉተን ካፌስ»።

በብዙ ቁጥር «ማይነ ጉተን ፍሮይንደ» (ጥሩ ጓደኞቼ) በትክክል የሚል ተማሪ «ጽቫይ» (ሁለት) ሲገባ ይሳሳታል። ቁጥር አርቲክል አይደለም፤ የጾታም የሙያም ምልክት የለውምና ትክክሉ «ጽቫይ ጉተ ፍሮይንደ» ነው።